ድዱ መሸሽ ለጀመረ ሰው፦ ብሩሹ ምን ያህል ይለስልስ፣ እንዴትስ ይያዝ?

መድረካችን ላይ የጥርስ ነገር ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው የት ሄጄ ላስነቅል በሚል ጥያቄ ነው። ይህኛው ክር ግን ስለ ብሩሽ ብቻ ተነስቶ ረዘመ፤ መሐል ላይም ሰው ተቀያየመበት። ሙሉውን ለማንበብ ጊዜ ለሌላችሁ በቅደም ተከተሉ ልንገራችሁ። ያልተዋጠልኝን ቦታም እናገራለሁ።

መክፈቻው

ጥያቄውን ያነሳው «የጦሳ ልጅ» የሚል ስም የያዘ የደሴ መምህር ነው፤ ዕድሜው 41። በላይኛው መንጋጋ በግራ በኩል ክራንቻውና ከእሱ ቀጥሎ ያለው ጥርስ ላይ ድዱ ሸሽቶ ሥሩ ቢጫ ሆኖ መታየት ጀምሯል። በመስታወት ሲያየው ሁለት ወይም ሦስት ሚሊሜትር ያህል ተገልጧል። ጠዋት በደሴ ብርድ የቧንቧ ውሃ ሲጉመጠመጥ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ይጠዘጥዘዋል። አይደማም፣ ጥርሱም አይነቃነቅም። ለዓመታት ሲገዛ የኖረው ሃርድ የሚል የተጻፈበትን ብሩሽ ነው፤ የሚቦርሸውም ወደ ጎን፣ ግራና ቀኝ እየወሰደ እየመለሰ፣ ደህና አድርጎ ተጭኖ ነው።

የጠየቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ሶፍት ይግዛ ወይስ ከዚያም የለሰለሰውን ኤክስትራ ሶፍት? ሁለተኛው ደግሞ ክሩን ያረዘመው ነው፤ ብሩሹን በድዱ መስመር ላይ በ45 ዲግሪ ያዙ ይባላል፤ ድዱ ከሸሸ በኋላ መስመሩ የቱ ነው፣ ድሮ የነበረበት ወይስ አሁን የደረሰበት? ጥሩ ጥያቄ ነው። እስከ መጨረሻው የተመለሰለትም ከብዙ ንትርክ በኋላ ነው።

ምላሾቹ

1ኛው የ«ቦርከና» ነው፤ ኮምቦልቻ ውስጥ የቅመም ሱቅ ያለው ሰው። አብሽር ብሎ ጀመረና የራሱን ታሪክ አወራ። እሱም እንዲሁ ድዱ ሸሽቶ ነበር፤ ሃርዱን ጥሎ ሶፍት ከገዛ በኋላ ባለበት ቆሟል። ስለዚህ ዋናው የፀጉሩ ልስላሴ ነው፣ ስለ ማዕዘን የሚወራው ለመጻሕፍት ነው ባይ ነው። ግማሹ ልክ እንደሆነ ወደ ታች ስንወርድ እናየዋለን።

2ኛው «ባቲ ሰኞ» ጥያቄውን በደንብ ያነበበ አልመሰለኝም። ድድ ሲደማ ብሩሽ የሚባለውን ትቶ ወደ ወይራ መፋቂያ መመለስ ነው ብሎ፣ የወይራና የክትክታ እንጨት እንዴት እንደሚመረጥ፣ ጫፉ እንዴት ታኝኮ እንደሚፈታ በሰፊው ጻፈ። ጽሑፉ ደስ ይላል፤ የተጠየቀው ግን ስለሚደማ ድድ አልነበረም። በ3ኛው ላይ ጠያቂው በአክብሮት፣ ጋሼ እያለ፣ የእሱ እንደማይደማ አስታወሰው።

4ኛዋ «የወልድያዋ» ናት። ጥርስ ሕክምና ላይ እንደምትሠራ ከዚህ በፊት በሌሎች ክሮች ላይ ተናግራለች። ስለ ብሩሽ አንድም ቃል ሳትናገር ጥያቄ ብቻ ጣለች። በየትኛው እጅህ ነው የምትቦርሸው? ድዱ የሸሸው እዚያ ብቻ ነው ወይስ በሌሎቹም ጥርሶች? ከታችኛው የፊት ጥርሶች ጀርባ በምላስህ ስትነካው የሚሻክር የደነደነ ቆሻሻ አለ? በጥፍርህ ጫፍ ከጥርሱ ተነስተህ ወደ ድዱ ቀስ ብለህ ስትሄድ ጥፍርህን የሚይዝ ጎድጎድ ያለ ቦታ ታገኛለህ?

5ኛው የጠያቂው መልስ ነው። ቀኝ እጅ ነው፤ የሸሸው በግራ ላይ በእነዚያ ሁለቱ ብቻ፣ በቀኝ በኩል በጣም በጥቂቱ። የሚሻክር ነገር የለም። ጎድጎዱ ግን አለ፤ ክራንቻው ላይ ጥፍሩን ያዝ ያደርገዋል።

6ኛው ላይ የወልድያዋ ለምን እንደጠየቀች አስረዳች። ድድ የሚሸሽበት መንገድ አንድ አይደለም። በየጥርሱ ዙሪያ፣ በጥርስና በጥርስ መካከል ጭምር ወርዶ፣ እየደማና እየሸተተ ከሆነ ከሥር ያለው አጥንት እየተበላ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ብሩሽ መቀየር አያቆመውም፣ ታይቶ መለካትና መታጠብ አለበት። የእሱ ግን ንጹሕ ጥርስ ላይ፣ ከፊት ለፊት ገጹ ብቻ፣ ከሚቦርሽበት እጅ በተቃራኒ ወገን ነው። ቀኝ እጅ የሆነ ሰው ብሩሹን መጀመሪያ የሚያሳርፈውም፣ አብልጦ የሚጫነውም ብዙ ጊዜ በግራው ክራንቻ አካባቢ ነው። ክራንቻ ደግሞ መንጋጋው የሚታጠፍበት ማዕዘን ላይ ወጣ ብሎ የቆመ ጥርስ ነው፤ ከላዩ ያለው አጥንትና ድድ ስስ ነው። ረጅም የብሩሽ ጭንቅላት እዚያ ማዕዘን ላይ ሲደርስ ጎረቤቶቹን ሳይነካ ክንዱ ያሳረፈበት ኃይል ሁሉ ክራንቻዋ ላይ ይወድቃል። ጎድጎዱም የወደ ጎን መፈተጉ ምልክት ይመስላታል፤ የተገለጠው ሥር እንደ ላይኛው የጥርስ ክፍል ጠንካራ ልባስ ስለሌለው ቶሎ ይበላል።

ቀጥላ ወደ ፀጉሩ ልስላሴ መጣች፤ እዚህ ላይ ያለችው ለእኔም አዲስ ነበር። ሶፍት ይበቃዋል፤ በጣም የለሰለሰውን ወዲያው መግዛት የለበትም። ኤክስትራ ሶፍት ድዱ ለቆሰለ፣ ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ወይም መነካት ለማይችል ሰው ለጊዜው ይጠቅማል። በጤነኛ ድድ ላይ ግን ፀጉሩ ቶሎ ስለሚታጠፍ፣ አያያዙን ያላወቀ ሰው የድዱ ጠርዝ ላይ ያለውን ለስላሳ ቆሻሻ ጥሎት ያልፋል። የተረፈው ቆሻሻ ድዱን ያስቆጣዋል፤ የተቆጣ ድድ ደግሞ ለመሸሽ ሌላ ምክንያት ያገኛል። ሌላው ደግሞ አንዱ ፋብሪካ ሶፍት ያለው ከሌላው ሚዲየም ጋር ሊቀራረብ ስለሚችል፣ ከጽሑፉ ይልቅ በእጅ መዳሰሱን ትመርጣለች። ፀጉሩን በእጅ ጀርባ ላይ ጫን ብሎ ክብ እያዞሩ ማየት ነው፤ የሚቧጭር፣ የሚወጋ ከሆነ ጫፉ አልተድቦለቦለም ማለት ነው፤ ሶፍት ቢልም ይቅር። ጭንቅላቱ ትንሽ ይሁን። ጠዋት ብርድ ላይ የብሩሹ ናይለን ስለሚጠነክር፣ ከመቦረሽ በፊት ፀጉሩን ለብ ባለ ውሃ ነከር ማድረግ ያለሰልሰዋል።

7ኛው ላይ «ሐረጎ» ገባ። መሐንዲስ ነኝ ይላል፤ የሚጽፈው ግን እንደ መርማሪ ነው። ጠንካራ ብሩሽ ድድን ያሸሻል የሚለው በጥናት የተረጋገጠ ነው ወይ ብሎ በቀጥታ ጠየቃት። እሱ እንዳነበበው ጥናቶቹን የሰበሰቡት ግምገማዎች ወደ አንድ መደምደሚያ አልደረሱም፤ አንዳንዱ ግንኙነት አግኝቷል፣ አንዳንዱ አላገኘም። ታዲያ በእርግጠኝነት መናገር ሰውን ማሳሳት ነው አላት። ቃሉ ትንሽ ከረር ያለ ነበር።

8ኛው የእሷ መልስ ነው፤ አልተቆጣችም። ማስረጃው የተደባለቀ መሆኑን ተቀበለች። የጥንካሬው፣ የግፊቱ፣ የቀኑ ድግግሞሽና የድዱ ስስነት ድርሻ እየተለየ እንዳልተመዘነ እሷም ታውቃለች። ነገር ግን ጠንካራው ከለስላሳው የሚበልጥበት ጥቅም በሌለበት፣ ሥሩ ለተገለጠ ሰው ጠንካራውን ይዘህ ቆይ ልትለው አትችልም። ሐረጎ በ9ኛው ላይ ይህን ተቀብሎ አንድ ነገር ጨመረ፤ ባስ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ገና በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለብሩሽ ይሁን ያለው ፀጉር ውፍረቱ 0.18 ሚሊሜትር አካባቢ፣ ጫፉም የተድቦለቦለ ነበር። ያ ለስላሳ የምንለው ነው። የሚከራከር ሰው እንዲህ ቢሆን መልካም ነው፤ ሲሸነፍም መረጃ ይዞ ይመጣል።

10ኛው ክሩ ላይ ካሉት ሁሉ የወደድኩት ነው። ቦርከና ተመልሶ መጣ። ስለ ግፊት ሲወራ ካነበበ በኋላ ሱቁን ከመዝጋቱ በፊት ኮረሪማ የሚመዝንበትን ዲጂታል ሚዛን ጠራርጎ፣ አዲስ ብሩሽ በፀጉሩ በኩል ሳህኑ ላይ አድርጎ፣ ጥርሱን እንደሚቦርሽ ተጫነው። ቁጥሩ ከ500 ግራም አለፈ። ለስላሳ ብሩሽ ይዞም ቢሆን ፀጉሩ እንደ ሸረሪት እግር ወደ ጎን ተበረገደ። ከዚያ በመዳፍ ጨብጦ መያዙን ትቶ እስክሪብቶ በሚይዝባቸው ጣቶች ሲይዘው ብዙም ሳይቸገር ከ200 በታች ወረደለት። የወልድያዋ በ11ኛው ላይ ከ150 እስከ 200 ግራም ያለው ለአብዛኛው ሰው እንደሚበቃ አረጋገጠችለት። ሚዛን ለሌለው ሌላ ምልክት ሰጠች፤ ሦስት ወር ሊያገለግል የሚገባው ብሩሽ በወሩ ፀጉሩ ከተበረገደ እጅ ከብዷል ማለት ነው። ቦርከናም ልስላሴው ብቻ በቂ ነው ያለውን በዚያው አለሳለሰ።

12ኛው ስለ ማዕዘኑ ነው፤ ጠያቂው የጠበቀው መልስ እዚህ መጣ። የወልድያዋ እንዳለችው መስመሩ አሁን ድዱ የደረሰበት ነው፤ የድሮው ቦታ አሁን ጥርስ ነው፣ ሥር ቢሆንም። ማዕዘኑን ለማግኘት ደግሞ ዲግሪ መለካት አያስፈልግም። ፀጉሩ ጥርሱን ፊት ለፊት ሲገጥም አንድ ጫፍ ነው፤ ወደ ድዱ አንጋጥጦ ጥርሱ ላይ ሙሉ በሙሉ ሲተኛ ሌላው ጫፍ፤ የሚፈለገው የሁለቱ እኩሌታ ነው። ለላይኛው ጥርስ ፀጉሩ ወደ ላይ፣ ለታችኛው ወደ ታች ያያል።

ከዚህ በኋላ ግን ሁለት መንገድ አለ። በባስ አያያዝ የፀጉሩ ጫፍ በድዱና በጥርሱ መካከል ወዳለው ስንጥቅ ገባ እንዲል ተደርጎ ባለበት ይንቀጠቀጣል። ይህ ድዱ ላልሸሸ፣ ቆሻሻ ጠርዝ ላይ ለሚከማችበት ሰው ጥሩ ነው። ለሸሸበት ቦታ እሷ የምትመርጠው የስቲልማን የሚባለውን፣ ተሻሽሎ የሚሠራበትን አያያዝ ነው። ፀጉሩ ግማሹ ድዱ ላይ፣ ግማሹ ጥርሱ ላይ ያርፋል፤ ጫፉ ወደ ሥሩ ያያል እንጂ ስንጥቁን አይወጋም። ድዱ በጥቂቱ ነጣ እስኪል ብቻ ጫን ይባላል። ጫፉ ከቦታው ሳይለቅ በጣም አጭር በሆነ ንቅናቄ አሥር ጊዜ ያህል ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ የእጅ አንጓ እየዞረ ፀጉሩ ከድዱ ተነስቶ ወደ መንከሻው ጫፍ ይጠቀለላል። ሁል ጊዜ ከድድ ወደ ጥርስ ነው፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ድዱን መግፋት የለም። ክራንቻዋ ብቻዋን ትሠራ፤ ሙሉውን ጭንቅላት ሳይሆን የብሩሹን የፊት ግማሽ ብቻ አሳርፎ፣ ጨርሶ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ማለፍ። መነሻውንም ይቀይር፤ እጁ ገና ብርቱ ሳለ የሚጀምረው ከግራው ክራንቻ ሳይሆን ከቀኝ የውስጥ ገጽ ቢሆን ይሻላል።

13ኛው ላይ ሐረጎ እንደገና ተነሳ። ይህን ሁሉ የእጅ ሥራ ሰው ሁለት ቀን ይሠራና ሦስተኛው ቀን ወደ መፈተጉ ይመለሳል፤ ግፊት ሲበዛ መብራት የሚያበራ የኤሌክትሪክ ብሩሽ ይግዛ አለ። 14ኛው መብራት በሌለበት ቀንስ ብሎ ቀለደበት፣ 15ኛው ዋጋውን ጠየቀ፤ ሁለቱም መልስ አላገኙም። እኔ የሐረጎ ሥጋት ትክክል ይመስለኛል። የእጁን ልማድ የሚለውጥ ሰው መጀመሪያ ሰሞን በመስታወት ፊት ቀስ ብሎ ካልሠራው፣ ስሙን ብቻ ነው የሚያውቀው።

16ኛዋ «ኡሙ ኸይር» ስለ እናቷ ጠየቀች፤ ከርዕሱ ወጣ ቢልም ከክሩ ያስቀረሁት አይደለም። እናቷ በልጅነታቸው ድዳቸውን ተነቅሰዋል፤ ያኔ የወሎ ቆንጆ ሲባል ጥቁር ድድ ከነጭ ጥርስ ጋር ነበር። አሁን የፊት ጥርሶቻቸው ረዝመዋል፤ ድዱ የተቆጣ ይሁን አይሁን ግን በቀለሙ አይታወቅም። ብሩሹ ድዱን እየጎዳው መሆኑን በምን እንወቅ አለች። የወልድያዋ በ17ኛው ላይ፣ ንቅሳት ያለበት ድድ ቀላ ማለቱ ስለማይታይ በሌላ ምልክት መሄድ ነው አለች፤ ከቦረሹ በኋላ የተተፋው ውሃ ደም አለበት ወይ፣ ጠርዙ አብጦ ድቡልቡል ብሏል ወይ፣ ሲነካ ያማል ወይ። እትዬ ጥርሳቸው የሚነቃነቅ ከሆነ ደግሞ ብሩሽ ከመምረጥ በፊት መታየት አለባቸው።

ከ18ኛው እስከ 21ኛው ያለው ስለ ጫት ነው። «የሐይቅ ዳር» ጓደኛው ጫቱን ሁልጊዜ በአንድ ጉንጩ እንደሚይዝና በዚያው በኩል ድዱ እንደሸሸ ጻፈ። ወዲያው ሰው ስለ መቃም ደግና ክፉ መሟገት ጀመረ፤ ስድብ ቀረሽ ነበር። አስተባባሪው ሁለት ጽሑፍ ሰረዘ። ከዚያ ግርግር የተረፈች ቁም ነገር የወልድያዋ ያለቻት ብቻ ናት፤ ለሰዓታት አንድ ቦታ ተይዞ የሚቆይ ነገር ድዱን በአካባቢው ያስቸግራል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ሰውየው አፉ ደርቆ ሳለ አረንጓዴውን ለማስለቀቅ ያንኑ ወገን አብዝቶ ይፈትጋል።

22ኛው በጣም የተቆጣ ሰው ነው። ጥርሱን አሳጥቦ በወሩ ድዱ ሸሸ፤ ሐኪሞቹ ናቸው ያበላሹት፣ ብሩሽ ብሩሽ አትበሉ አለ። የወልድያዋን በስም ጠርቶ መለሳት፤ አንቺ ማለቱ ራሱ ከመድረኩ ልማድ የወጣ ነበር። በ23ኛው ላይ እርስዎ እያለች መለሰችለት። የደነደነ ቆሻሻ ያለበት ድድ ያበጠ ነው፤ እብጠቱ ጥርሱን ሸፍኖት ይቆያል። ሲታጠብ እብጠቱ ይሟሽሻል፣ ያኔ ቀድሞ የጠፋው ይገለጣል። ሰውየው አልተዋጠለትም፤ ከታጠበ በኋላ ብርድ መሰማት የጀመረው ለምንድነው ብሎ ሄደ። እሷ የዚህን መልስ በዚያው ማብራሪያ ውስጥ ሰጥታለች፤ እሱ ግን ተመልሶ ያነበበው አይመስለኝም።

24ኛው ስለ ጥርስ ሳሙና ነበር። አንዱ በጨውና በከሰል ይፍቅ ሲል የወልድያዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አምርራ አይሆንም አለች። በለስላሳ ብሩሽ የሚሻክር ነገር መፈተግ፣ የተገለጠውን ሥር በሃርድ ብሩሽ ከመፈተግ አይሻልም፤ የሚያነጣ ተብሎ የሚሸጠውም ለእሱ አይሆንም። ፍሎራይድ ያለው፣ ለሚጠዘጥዝ ጥርስ የተሠራ ይሁን፤ ማታ ሲቦርሽ ትንሽ በጣቱ ሥሩ ላይ ቀብቶ ይተወው። ሎሚ ወይም አምቦ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ አይቦርሽ፤ አሲድ የነካው ሥር ለጊዜው ይለሰልሳል።

25ኛው ላይ ባቲ ሰኞ መፋቂያውን ይዞ ተመለሰ፤ ለሶላት ሲል የማይተወው ነገር ስለሆነ እንዴት ያድርገው? ይሄኛው የሚገባ ጥያቄ ነበር። ትኩስ እንጨት ይምረጥ፣ ጫፉ በደንብ ታኝኮ እስኪለሰልስ ይጠብቅ፣ የደረቀውንና ሻካራ የሆነውን ክፍል በየቀኑ ቆርጦ ይጣለው፤ አካሄዱም እንደ ብሩሹ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ ይሁን እንጂ ወደ ጎን አይሁን ተባለ። ብዙ ሰው ድዱን በመፋቂያ የሚጎዳው ፊት ለፊት ባሉት ጥርሶች ላይ ወዲያና ወዲህ ሲመላልሰው ነው።

26ኛው ከሁለት ወር በላይ ዝም ብሎ የቆየው የጠያቂው ነው። ሶፍት ገዝቷል፤ በእስክሪብቶ አያያዝ ነው የሚቦርሸው፤ ከግራ ክራንቻ መጀመሩን ትቷል። የጠዋቱ ጥዝጣዜ በግልጽ ቀንሷል። ድዱ ግን እዚያው ነው፤ አልወረደም፣ አልተመለሰም። አዝኖ የጻፈ ይመስላል፤ መቼ ነው የሚመለሰው አለ።

በ27ኛው ላይ ቦርከና፣ መጀመሪያ ባለበት ቆሟል ያለውን ትቶ፣ ይመለሳል፣ የእኔ ተመልሷል አለ። የወልድያዋ በ28ኛው አልተስማማችም፤ የሸሸ ድድ በብሩሽ ብቻ ተመልሶ ሥሩን አይሸፍንም። የቦርከና የመሰለው ምናልባት ጠርዙ ተፈትጎ ተቆጥቶ ሳለ የነበረው ቁስለት ድኖ ይሆናል። የሚሸፈንበት መንገድ ከላንቃ ቆዳ ተወስዶ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ነው፤ እሱም ለሁሉም ሰው አያስፈልግም። ለአሁኑ ሥራው እንዳይጨምር መጠበቅ ነው፤ በዚያው ብርሃንና በዚያው አቋም በስልኩ ፎቶ እያነሳ በየስድስት ወሩ ቢያወዳድረው ይበቃል። ቦርከና አሁንም በአቋሙ ነው፤ ሁለቱ አልታረቁም።

29ኛው የልጆች ብሩሽ ለአዋቂ ይሆናል ወይ አለ፤ ሱቅ ውስጥ ያገኘው ለስላሳ እሱ ብቻ ነበር። ጭንቅላቱ ትንሽ መሆኑ ለክራንቻዋ ጥሩ ነው፣ እጀታው ለአዋቂ እጅ ማጠሩ ካላስቸገረው ይሆናል ተባለ። 30ኛው ግራ እጅ ነኝ፣ የእኔ የሸሸው ግን በግራ ነው፣ ታዲያ ከምን መጣ ብሎ ጽፏል። እስካሁን የመለሰለት የለም።